ፎቶው ሥዕል ሲሆን፦ እንደገና ላውጣው ወይስ በእጅ ላርመው?

ፎቶን ወደ ውሃ ቀለም ሥዕል የሚለውጠው መሣሪያ ሥራውን ጨርሶ ውጤቱን ሲያቀርብ በእጃችን የሚቀሩት አማራጮች አራት ናቸው፤ እንዳለ መቀበል፣ ምስሉን በሙሉ እንደገና ማውጣት፣ የተበላሸውን ቦታ ብቻ ከልሎ እንደገና ማውጣት፣ ወይም ብሩሽ ይዞ በእጅ ማረም። ብዙ ሰው ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ጉድለት አይቶ ነው። ስድስት ጣት ካየ፣ መልኩ ቁርጥ ባለቤቱን የመሰለውን ሥዕል ይጥላል። ጣቶቹ ደህና ከሆኑለት ደግሞ የሌላ ሰው ፊት የተሳለበትን ይዞ ይሄዳል። ጣት ግን በአሥር ደቂቃ ይታረማል፤ የጠፋ መልክ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ጉድለቶችን የሚመዝነው ዓይን በመሳባቸው ሳይሆን ለማረም በሚያስከፍሉት ዋጋ ነው። ምሳሌው የአንድ ሰው የፊት ፎቶ ወደ ውሃ ቀለም ሲለወጥ ነው። በእርሳስም ሆነ በዘይት ቀለም ስልት ለሚሠራ ሰው ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ መጀመሪያ መልክ፣ ቀጥሎ የአሳሳል ስልት፣ መጨረሻ እንከን።

## መልክ፦ ሰውየው ራሱ ነው?

የሥዕሉን ባለቤት ለሚያውቅ ሰው ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አቅርቦ «ይመስላል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ፎቶው አጠገቡ ካለ ዓይን የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የሚሻለው ሥዕሉን ብቻውን፣ ወደ 150 ፒክስል ስፋት አሳንሶ፣ ለአፍታ አሳይቶ «ማን ነው?» ማለት ነው። በትንሽ መጠን ላይ የቀለሙ ውበትና የብሩሹ ምት ስለሚጠፉ የሚቀረው የፊቱ አወቃቀር ብቻ ነው፤ ሰውን የምናውቀውም በዋናነት በእርሱ ነው። ስሙ ወዲያው ከተጠራ መልኩ አለ። «እኅቱ ናት እንዴ?» ከተባለ መልኩ ተንሸራቷል።

የተንሸራተተውን ቦታ ለማግኘት ፎቶውን ከሥዕሉ በላይ ባለ ሌየር ላይ አስቀምጠው ድፍነቱን ወደ 50 በመቶ ይቀንሱ፤ የሁለቱን ዓይኖች ብሌኖች መሃል ለመሃል ያገናኙ፤ ከዚያ ላይኛውን ሌየር እያበሩ እያጠፉ ይመልከቱ። የዓይን ውስጠኛ ማዕዘኖችን፣ የአፍንጫን ግርጌ፣ የከንፈሮችን መጋጠሚያ መስመርና አገጭን ይከታተሉ። ጸጉርና ልብስ ቢንቀሳቀሱ ግድ የለም። እኔ የምሠራበት መለኪያ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ነው። የአፍንጫው ግርጌ ወይም የአፉ መስመር የዚህን ርቀት አንድ ሃያኛ ያህል ከቦታው ከሄደ መልኩ መለወጥ እንደ ጀመረ እቆጥረዋለሁ። ፊቱ ሆን ተብሎ በሚጋነንበት የካርቱን ስልት ይህ ልኬት አይሠራም። እዚያ የሚጠየቀው ሰውየውን ከሌሎች የሚለየው ነገር ተጋንኗል ወይስ ተለሳልሷል የሚለው ነው።

መለሳለሱ ድንገተኛ አይደለም። መሣሪያው የሚሠራበት ሞዴል ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ምስሎች የወሰደው የፊት ልማድ አለው፤ በተለወጠ ቁጥር ፊቱን ወደዚያ ልማድ ይጎትተዋል። የማይመጣጠኑ ዓይኖች ይመጣጠናሉ፣ የግንባር መስመር ይታሻል፣ ዓይን ይተልቃል፣ አፍንጫ ይቀጥናል፣ የቆዳ ቀለም ይነጣል። ውጤቱ «ያማረ» ስለሚመስል ለማስተዋል ይከብዳል። መድኃኒቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ፎቶውን አይቶ የሰውየውን መለያዎች ሦስት ወይም አራት አድርጎ መጻፍ ነው። ለምሳሌ «የግራ ዓይን ሽፋን ዝቅ ያለ፣ ግንባር ላይ ሁለት ጥልቅ መስመሮች፣ በቀኝ ጉንጭ ጥቁር ነጥብ፣ ስስ ከንፈር»። ከዚያ ሥዕሉ የሚመረመረው በዚህ ዝርዝር ነው። የፊት መለያ ፕሮግራሞች የሚሰጡት የመመሳሰል ነጥብ እዚህ አያስተማምንም፤ በዋናነት የሠለጠኑት በፎቶ ላይ በመሆኑ የብሩሽ ምትና የተቀየረ ቀለም ያሳስታቸዋል።

## ስልት፦ አንድ እጅ የሳለው ይመስላል?

ስልት ቀለም ብቻ አይደለም። የውሃ ቀለምን የውሃ ቀለም የሚያደርገው ብርሃኑ ያልተቀባ ወረቀት መሆኑ፣ ጥላው ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ እየተደረበ መጥቆሩ፣ እርጥብ ቀለም ሲደርቅም ጠርዙ ላይ ተሰብስቦ ጠቆር ያለ መስመር መተዉ ነው። በጥቁር ጸጉር ላይ የተነጠፈ ደማቅ ነጭ ክር ካዩ፣ ሠዓሊ ቦታውን አስቀድሞ ካልሸፈነ፣ ቀለሙን ካልፋቀ ወይም ድፍን ነጭ ቀለም ካልጨመረ በስተቀር እንዲህ አይሠራም።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት ዳራው በነጻነት ተቀብቶ ፊቱ ፎቶ ሆኖ መቅረቱ ነው። እያንዳንዱ ሽፋሽፍት ተቆጥሯል፣ የቆዳው ጥላ ልሙጥ ነው፣ ላዩ ላይ ግን የወረቀት ሸካራነት ተነስንሷል። ይህን ለመለየት ከፊቱ 200 በ200 ፒክስል፣ ከዳራው ወይም ከልብሱም ያንኑ ያህል ቆርጦ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ሁለቱን አንድ ሠዓሊ በአንድ ቀን፣ በአንድ ብሩሽ የሠራቸው ካልመሰሉ ስልቱ ተሰብሯል። ቁራጮቹን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ደግሞ ቀለሙ የሸፈነውን የጥላ አሠራር ያጋልጣል።

## እንከን፦ ማሽኑ የተወው ምልክት

እንከኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የነገር ስህተት ነው፤ ከጸጉር ጋር የተዋሐደ የጆሮ ጌጥ፣ ክብ ያልሆነ ብሌን፣ ከልክ በላይ የበዛ ጥርስ፣ የማይነበብ ፊደል። ሁለተኛው የገጽ ስህተት ነው፤ የተደጋገመ የሸካራነት ንድፍ፣ በጠርዝ ዙሪያ የሚያበራ ሐመር መስመር፣ የተሰፋ የሚመስል መገጣጠሚያ። የመጀመሪያውን ለማየት ምስሉን በመቶ በመቶ መጠን ከፍቶ ግራና ቀኙን ማገላበጥ፣ ሁለተኛውን ለማየት ንፅፅሩን ለጊዜው በጣም ከፍ ማድረግ ይረዳል።

ራቅ ብሎ የሚታይ ሰው ፊቱ ለምን እንደሚፈርስ ማወቅ ለውሳኔው ይጠቅማል። እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ያሉ ሞዴሎች ምስሉን የሚሠሩት በቀጥታ በፒክስል ላይ አይደለም፤ በየአቅጣጫው ስምንት ጊዜ አሳንሰው በያዙት ውስጣዊ ቅጂ ላይ ነው። በፎቶው ላይ 80 ፒክስል የሚሰፋ ፊት በዚያ ቅጂ ላይ አሥር ነጥብ ብቻ ይሰፋል። በአሥር ነጥብ ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በትክክል ሊያዙ አይችሉም። እንዲህ ያለውን ሥዕል ደጋግሞ ማውጣት ዕድልን መሞከር ብቻ ስለሆነ ከታች የተገለጸውን የክለላ መንገድ ይፈልጋል።

## አማራጮቹ በየተራ

በሙሉ እንደገና ማውጣት። ይህ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ የሚደባለቁትም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቅንብሩን ሳይነኩ ሲድ የሚባለውን የመነሻ ቁጥር ብቻ መቀየር ነው። ሌላው ሲዱን ይዞ ቅንብሩን፣ በተለይ በብዙ መሣሪያዎች ላይ `Denoising strength` ተብሎ የሚታየውን የለውጥ መጠን መቀየር ነው። መጠኑ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ወደ 0 ሲጠጋ ፎቶው እንዳለ ይመለሳል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ከፎቶው የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው።

የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ቀላል ፈተና አለ። በአንድ ቅንብር፣ በአራት የተለያዩ ሲዶች አራት ውጤት ያውጡ። ጉድለቱ በአንዱ ላይ ብቻ ከታየ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ሲድ መቀየር ይፈታዋል። በአራቱም ላይ ካለ ግን ቅንብሩ የወለደው ስለሆነ አርባ ጊዜ ቢያወጡትም አብሮ ይመጣል። መልክ ከጠፋ መጠኑን ዝቅ፣ ስልት ከሳሳ ከፍ ማድረግ ነው፤ አንዱ ሲገኝ ሌላው መሸሹ የማይቀር ስለሆነ በ0.05 ልዩነት መሄድ ይሻላል።

ከልሎ እንደገና ማውጣት። የተበላሸውን ቦታ በማስክ ሸፍኖ እርሱን ብቻ ማስቀባት ነው። ማስኩ ከጉድለቱ ሰፋ ማለት፣ ጠርዙም መለስለስ አለበት። አለዚያ መገጣጠሚያው ይታያል። ብዙ መሣሪያዎች የተከለለውን ቦታ ብቻ አጉልተው ሠርተው መልሰው የሚያሳንሱበት ምርጫ አላቸው። ያ የ80 ፒክስል ፊት የሚድነው በዚህ ነው፤ ሲጎላ ብዙ ነጥብ ያገኛልና። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በአንዳንድ መሣሪያዎች ከማስኩ ውጭ ያለው ክፍልም ወደ ውስጣዊው ቅጂ ገብቶ ስለሚወጣ በተደጋገመ ቁጥር ጥቃቅን ዝርዝር ይደበዝዛል፣ ቀለምም በጥቂቱ ይለወጣል። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የታረመውን ቦታ ብቻ ቆርጦ በመጀመሪያው ምስል ላይ መለጠፍ ይህን ያስቀራል።

በእጅ ማረም። ትናንሽና ቦታቸው የታወቀ ጉድለቶችን በእርግጠኝነት የሚያስወግድ መንገድ ይህ ብቻ ነው። የሚያጋልጠው ግን ብሩሹ ነው። ጠርዙ የለሰለሰ ብሩሽ በውሃ ቀለም ላይ ልሙጥ የፎቶ ጠባሳ ይተዋል፤ ጉድለቱ ጠፍቶ እርማቱ ይታያል። ቀለሙን ከአጠገቡ ካለ ቦታ ይውሰዱ፤ ሸካራነቱን ከዚያው ሥዕል በቅጂ ብሩሽ ያምጡ። ማጥቆር ሲያስፈልግ አዲስ ሌየር ከፍተው አቀላቀሉን `Multiply` ላይ ያድርጉት፤ ከሥሩ ያለውን ሳይሸፍን የሚያጠቁር በመሆኑ የስስ ቀለምን መደራረብ ይመስላል። ማብራት ሲያስፈልግ ንጹሕ ነጭ ሳይሆን የወረቀቱን ቀለም ይጠቀሙ። የአፍ ጥግን ጥቂት ፒክስል መግፋት ይቻላል፤ ብዙ ከተገፋ ግን የወረቀቱ ሸካራነት አብሮ ይለጠጣል።

በእጅ የማይታረመው ስልት ነው። ፎቶ ሆኖ የቀረን ፊት በብሩሽ የውሃ ቀለም ለማድረግ የሚሞክር ሰው ሥዕሉን ከባዶ እየሳለ ነው። ያ ችሎታ ካለው መሣሪያው ከመነሻው አላስፈለገውም ነበር።

እንዳለ መቀበል። ይህም ምርጫ ነው፣ መልስ የሚሰጠውም የመጨረሻው የዕይታ መጠን ነው። 1024 ፒክስል የሚሰፋ ምስል በ300 ዲፒአይ ሲታተም 8.7 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። በዚያ መጠን የማይታይን እንከን ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው።

| የሚታየው ጉድለት | ምን ያህል ተዛምቷል? | የሚሻለው መንገድ | የማይሻለው |
|---|---|---|---|
| የፊት ልኬት ተዛብቷል | በአራቱም ውጤት | የለውጥ መጠንን ዝቅ አድርጎ እንደገና ማውጣት | ሲድ እየቀያየሩ መሞከር |
| የፊት ልኬት ተዛብቷል | በአንዱ ብቻ | ሌላ ሲድ መምረጥ | ፊቱን በእጅ መግፋት |
| መለያ ምልክት ጠፍቷል (ነጥብ፣ ጠባሳ) | በየትኛውም | በእጅ መመለስ | በሙሉ እንደገና ማውጣት |
| ፊቱ ፎቶ፣ ዳራው ሥዕል ሆኗል | በሰፊ ቦታ | መጠኑን ከፍ አድርጎ ማውጣት፣ ወይም ሁለት ውጤት ማዋሐድ | በእጅ መቀባት |
| ራቅ ያለ ትንሽ ፊት ፈርሷል | በውስን ቦታ | ከልሎ አጉልቶ ማውጣት | ሲድ መቀየር |
| ጌጥ፣ ጣት፣ ፊደል ተበላሽቷል | በውስን ቦታ | ከልሎ ማውጣት፤ ፊደል ከሆነ በእጅ መጻፍ | በሙሉ እንደገና ማውጣት |
| ሐመር ጠርዝ፣ መገጣጠሚያ | በመስመር | በእጅ፣ በቅጂ ብሩሽ | ከልሎ መደጋገም |

## አንድ ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

በስልሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አንዲት እናት ፎቶ እንውሰድ። መጠኑ 1024 በ1024፣ ፊታቸው 300 ፒክስል ያህል ይሰፋል። መለያዎቻቸው ከላይ በምሳሌ የጠቀስናቸው አራቱ ናቸው፤ በአንድ ጆሯቸውም ረጅም ጌጥ ይታያል። በ0.65 የለውጥ መጠን አራት ውጤት ወጥቷል።

የመጀመሪያው በስልት ግሩም ነው። የሻርፓቸው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተሰብስቦ ደርቋል፣ የጉንጫቸው ብርሃን ባዶ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ከእርሱ ብዙም አይለይም፤ ሦስተኛው ላይ ከፎቶው የሌለ ፈገግታ ታክሏል፤ አራተኛው ላይ አፍንጫቸው ቀጥኗል። ፈገግታውና አፍንጫው በየአንዳንዱ ብቻ ስለታዩ ሦስተኛውንና አራተኛውን መተው ይበቃል። በአራቱም ላይ ግን የዓይን ሽፋኖቹ እኩል ሆነዋል፣ የግንባሩ መስመሮች ታሽተዋል፣ የጉንጩ ነጥብም የለም። ይህ የቅንብር ጉድለት ነው። የመጀመሪያው ላይ ደግሞ ጌጡ ከጸጉሩ ጋር ተዋሕዷል።

የመጀመሪያውን ሲድ ይዘን መጠኑን ወደ 0.5 ስናወርድ የግራ ዓይን ሽፋን ወደ ቦታው ይወርዳል፣ ግንባሩም ዕድሜውን ያገኛል። ሻርፑና ዳራው ግን የወረቀት ሸካራነት የለበሰ ፎቶ ይሆናሉ። መልክ በአንዱ፣ ስልት በሌላው ሲገኝ ሁለቱን ማዋሐድ ከሁሉም አማራጭ የተሻለ ነው፤ የመነሻ ፎቶውና ሲዱ አንድ በመሆናቸው ቅርጾቹ በአብዛኛው ይገጥማሉ።

የ0.65ቱ ከታች፣ የ0.5ቱ ከላይ ይቀመጣሉ። ከላይኛው የሚፈለገው ግንባሩና የዓይኖቹ አካባቢ ብቻ ነው። ሙሉ ፊቱ ከተወሰደ ልሙጡ የጉንጭ ቆዳ አብሮ ይመጣና የስልቱ ስብራት ይከተላል። የማስኩ ጠርዝ ከላይ በጸጉሩ መነሻ መስመር በኩል፣ ከታች ደግሞ በዓይን ሥር ባለው ጥላ በኩል ቢያልፍ መገጣጠሚያው ቀድሞ በነበረ ጠርዝ ውስጥ ይደበቃል። አንድ በአንድ የተሳሉት ሽፋሽፍት አሁንም ፎቶ ይመስላሉ፤ ከሥራቸው ካለው ጥላ በቅጂ ብሩሽ ተወስዶ ወደ አንድ ጠቆር ያለ ምት ይሰበሰባሉ።

የጉንጩ ነጥብ `Multiply` ላይ ባለ ሌየር፣ ከጸጉሩ በተወሰደ ቡናማ፣ በአንድ ንክኪ ይመለሳል። ክቡ ፍጹም እንዳይሆን አንድ ጎኑን በማጥፊያ መንካት ጥሩ ነው። ጌጡ በሰፊ ማስክ ተከልሎ በዝቅተኛ መጠን፣ በ0.4 አካባቢ፣ ከፎቶው ላይ እንደገና ይወጣል። ከዚያ ሥዕሉ ወደ 150 ፒክስል ይሳነስና እኚህን እናት ለሚያውቅ ሰው ይቀርባል። ስማቸው ከተጠራ ቀሪዎቹ ጥቃቅን ነገሮች ሥዕሉን አይጥሉትም።

## እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በሕይወት የሌለ ሰው መታሰቢያ ከሆነ መልክ ከምንም በላይ ይቀድማል። ከ0.5 በታች ይጀምሩ፤ ስልቱ ቢሳሳ ቤተሰቡ ይቀበለዋል፣ የተለወጠ ፊት ግን ያሳዝነዋል። የጠፋ ምልክትን ያለማመንታት በእጅ ይመልሱ።

ለተከታታይ ሥራ፣ ለምሳሌ ለአንድ መጽሐፍ አሥር ምስል ካስፈለገ፣ ሚዛኑ ወደ ስልት ያደላል። አንዱን ምስል ብቻ በእጅ ብዙ ማረም ከሌሎቹ ይነጥለዋል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቅንብር እስኪገኝ ማውጣቱ ይሻላል፤ የእጅ እርማቱም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ለእያንዳንዱ ምስል የሚከፍል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ የሆነ ሰው የአራት ሲዱን ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ አድርጎ፣ ቅንብሩን አንድ ጊዜ አስተካክሎ፣ ቀሪውን በእጅ ቢጨርስ ያተርፋል። ብሩሽ መያዝ የማይችል ሰው በተቃራኒው ማውጣትና መከለል ላይ ይደገፍ፤ ከእጅ ሥራ በቅጂ ብሩሽ ሐመር ጠርዝን ማጥፋት ከተማረ በቂው ነው።

ቅንብሩ ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ ያው ጉድለት ከተመለሰ መሣሪያው ያንን ፎቶ አይችለውም ማለት ነው። ምናልባት ብርሃኑ ከፊል ፊቱን ሸፍኖታል ወይም ፊቱ በጣም ትንሽ ነው። ሌላ ፎቶ መፈለግ ከሁሉም ይቀላል። የእጅ እርማት በአንድ ሥዕል ላይ ከግማሽ ሰዓት ሲያልፍም ቆም ብሎ ጉድለቱ የቅንብር አለመሆኑን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሥዕሉ ለትልቅ ኅትመት የሚጎላ ከሆነ የነገር ስህተቶች ከማጉላቱ በፊት መታረም አለባቸው፤ ማጉያው ፕሮግራም የተዋሐደውን ጌጥ እንደ እውነተኛ ዝርዝር ወስዶ ያሾለዋልና። የገጽ ስህተቶችን ግን ከማጉላቱ በኋላ ማረም ይሻላል። ለእያንዳንዱ የተመረጠ ውጤት ሲዱን፣ የለውጥ መጠኑን፣ ሌላውን ቅንብርና የሞዴሉን ስም ከፋይሉ ጋር ያስቀምጡ፤ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ «ሻርፑ ብቻ ሰማያዊ ይሁን» ሲል ያንኑ ሥዕል መልሶ ማግኘት የሚቻለው በእነርሱ ነው።